የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት ለቢምቢ፦ ለአርባ ምንጭ ጉዞ ይበቃል ወይስ ዲት ይምጣ?

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ)፦
በሚቀጥለው ወር ለሠርግ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ እንወርዳለን፤ አራት ቀን እንቆያለን። ትንሿ ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ነው፣ ትልቁ ሰባት ዓመቱ። ከባዛር «የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት፣ መቶ በመቶ ንጹሕ» የሚል ባለ 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ገዝቻለሁ። አሜሪካኖችም የሎሚ ባሕር ዛፍን ለወባ ትንኝ ይመክራሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ይሄ ይበቃናል ወይስ ከአሜሪካ የምትመጣው እህቴ ዲት የሚባለውን ኬሚካል የትንኝ መከላከያ ታምጣልኝ? እውነቱን ለመናገር ኬሚካሉን ለልጆች እፈራዋለሁ።

ሽቶ ባሕር ዛፍ፦
እህቴ፣ አንቺ የገዛሽውና አሜሪካኖቹ የሚመክሩት ከአንድ ዛፍ ይምጡ እንጂ አንድ አይደሉም። የዛፉ ቅጠል በእንፋሎት ሲጣራ የሚወጣው ጥሬ ዘይት አብዛኛው ሲትሮኔላል ነው፤ ያ ኃይለኛ የሎሚ ሽታ የእሱ ነው። ትንኝን ለሰዓታት የሚያርቀው ግን ፒኤምዲ የሚባለው ሲሆን በጥሬው ዘይት ውስጥ ያለው ከአንድና ሁለት ፐርሰንት አይዘልም። ፋብሪካ ውስጥ ሲትሮኔላሉን ወደ ፒኤምዲ ይለውጡትና መጠኑን 65 ፐርሰንት አካባቢ ያደርሱታል። በመደብር «30 ፐርሰንት የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው መከላከያ የተሠራው ከዚህ ነው። ስድስት ሰዓት ገደማ ይሠራል፤ ከመካከለኛ ዲት ጋር የሚወዳደር ነው።

ጥሬው ቶሎ የሚከዳው በጣም ተናኝ ስለሆነ ነው። ቤቱን ሁሉ ያወደው ሽታ ከቆዳሽ ላይ እየበረረ የሚሄደው መከላከያ ራሱ ነው። ከሎሚ ሣር ዘመድ የሚወጣው የሲትሮኔላ ዘይትም ችግሩ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ክንዳቸውን ትንኝ ወዳለበት ሳጥን እያስገቡ ምርቶችን ሲያወዳድሩ፣ 23.8 ፐርሰንት ዲት በአማካይ አምስት ሰዓት ሲቆይ የሲትሮኔላ ቅባቶቹ 20 ደቂቃ እንኳ አልሞሉም። ሳጥኑ ከሜዳ ይከብዳል፤ ውጭ ትንሽ ሊሻል ይችላል። ሠርግ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ቢቆይ ግን በየሃያ ደቂቃው ማን ይቀባል?

አንድ ነገር ልጨምር፦ የተቀነባበረውም ቢሆን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቀድም። ስለዚህ ለትንሿ በዚህ በኩል መንገድ የለሽም።

ቅመም ወዳዱ፦
ይሄን ያህል አታካብዱት። ሃያ ጠብታ ዘይት በትንሽ ኮኮናት ዘይት፣ ከዚያ ቫኒላ ጠብ ማድረግ ነው። ቫኒላው ሽታውን ይዞ ያቆየዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ተፈጥሯዊ ስለሆነ ልጅም አይጎዳም። ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ መርጨትም ትችላላችሁ።

ሽቶ ባሕር ዛፍ፦
የቫኒላው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ቫኒሊን የሲትሮኔላን መትነን ያዘገየዋል፤ ግን ንጹሕ ቫኒሊን በፐርሰንት ተለክቶ ሲገባ እንጂ የኬክ ማጣፈጫው አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚባለው ደግሞ ጭራሽ የለም።

ውሃውን ግን ተዉት። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ ላይ ይንሳፈፋል። የመርጫው ቱቦ የሚስበው ከታች ስለሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው፣ ምንም አይከላከልም። ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ያልተቀጠነ ዘይት ቆዳ ላይ ያርፋል፤ ያቃጥላል፣ ሽፍታም ያመጣል። ትልቅ ሰው የግድ ልሞክረው ካለ በ100 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት 2 ሚሊ ሊትር፣ አርባ ጠብታ አካባቢ፣ ይበቃል። በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ቀብቶ አንድ ቀን ይጠብቅ። እንዲህ የቀጠነው ለቆዳ ይሻላል፣ ለትንኝ ግን ደካማ ነው፤ ወባ ላለበት አገር አልመክረውም።

ከሜክሲኮ ማዶ፦
ለትኋንስ ይሆናል? ፍራሽ ላይ ብነሰንሰው?

ሽቶ ባሕር ዛፍ፦
ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የቆዳ መከላከያ ትኋን አያጠፋም። ለብቻው ጠይቅ፣ የሚያውቁ አሉ።

መድኃኒት ቤት፦
ስለ ልጆቹ ልመልስ። ዲት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ሕዝብ የሚጠቀምበት ነው፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ከሁለት ወር በላይ ላሉ ልጆች እስከ 30 ፐርሰንት ይፈቅዳሉ። ጉዳት የሚያመጣው በዋናነት ሲዋጥ ወይም ያለ ልክ ሲደጋገም ነው። ፐርሰንቱ የሚነግርሽ የሚቆይበትን ጊዜ ነው፤ ከ50 በላይ ደግሞ ጭማሪ የለውም። ለአንድ ምሽት 20 ወይም 25 ፐርሰንት በቂ ነው።

አቀባቡ፦ የሚረጭ ከሆነ መጀመሪያ በራስሽ መዳፍ ላይ፣ ከዚያ ለልጁ። አይንና አፍ አካባቢ፣ ቁስል ላይና የልጁ እጅ ላይ አይቀባም፤ ትንሿ ጣቷን ትጠባለችና። ከልብስ ሥርም አይገባም፣ የተጋለጠውን ቆዳ ብቻ በስሱ። የጸሐይ ቅባት ካለ እሱ ይቅደም፣ ይድረቅ፣ መከላከያው ከላይ ይሁን። ሁለቱን በአንድ ያቀላቀለ ምርት አትግዢ፤ የጸሐዩን ስትደጋግሚ ዲቱም ሳያስፈልግ ይደጋገማል። ከመተኛት በፊት በሳሙና አጥበሽ አጎበር ውስጥ አስገቢያቸው።

ሐበሻ ቀሚስ፦
ለሠርግ ስለሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዲት የጥፍር ቀለም ያበላሻል፣ የመነጽር ፍሬምና የሰዓት ማሰሪያ ፕላስቲክ ያቀልጣል። ጥጡ ምንም አይሆንም፤ የሚያብረቀርቀው ጥለት ግን ብዙ ጊዜ ሬዮን ስለሆነ ይነካዋል። በነጠላውም አትመኪ፤ ቆዳ ላይ ከተለጠፈ ትንኝ በላዩ ትነክሳለች።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እህቴ የሁለት ምርቶች የሽያጭ ገጽ ላከችልኝ፤ አንዱ 20 ፐርሰንት ፒካሪዲን የሚባል ሌላ የትንኝ መከላከያ ነው፣ አንዱ የሎሚ ባሕር ዛፍ። የቱን ልበላት? ሐሰተኛ አለመሆኑንስ በምን አያለሁ?

ሽቶ ባሕር ዛፍ፦
ገጹ ላይ `EPA Reg. No.` የሚል፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የምዝገባ ቁጥር ይፈለግ። ሲትሮኔላ ያሉባቸው ብዙ ምርቶች እዚያ ከምዝገባ ነፃ ስለሆኑ ይሄ ቁጥር የላቸውም፤ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩም በፈተና ያሳዩ አይደሉም። ለአንቺ ቤት ፒካሪዲኑ ይሻላል፦ ለትንሿም ይሆናል፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ይቆያል፣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፣ ፕላስቲክም አይበላም። ለልጅ ከሚረጨው ሎሽኑ ይመቻል።

መድኃኒት ቤት፦
እኔ አሁንም ዲቱን እመርጣለሁ፤ ብዙ ዘመን የተፈተነ እሱ ነው፣ እዚህም ይገኛል። ፒካሪዲኑ ሲያልቅ ከየት ታመጫለሽ?

ሽቶ ባሕር ዛፍ፦
ለአራት ቀን አንድ 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይበቃል፤ አያልቅባትም።

ጋሞ ልጅ፦
እኔ አርባ ምንጭ ነኝ። ሆቴሉን ቀድማችሁ ደውላችሁ አጎበር መኖሩን ጠይቁ፤ ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ቬንትሌተር ካለ ልጆቹን ከፊቱ አስቀምጧቸው፣ ንፋስ ላይ ትንኝ መብረር ያቅታታል። የሲትሮኔላ ሻማውን ለፎቶ ተዉት። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ከወራት በኋላም ቢሆን፣ ለሐኪሙ አርባ ምንጭ እንደነበራችሁ ንገሩትና ደም ይመርመር። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ይነሳል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ፒካሪዲኑን አልኳት። የወባ መከላከያ ክኒን ለሁለት ዓመት ልጅ ይሰጣል እንዴ?

መድኃኒት ቤት፦
ለልጅ የሚሆኑ አሉ፤ መጠኑ ግን በክብደቷ ነው። አንዳንዱ ከጉዞው በፊት ቀደም ብሎ ስለሚጀመር መዝነሽ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋር ውሰጃት።