ለቪትዝ የሚሆን ጎማ ጠቁሙኝ፤ ከመንገዴ ግማሹ ኮረኮንች ነው

የጤና ጣቢያዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ቪትዝ አለኝ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ሥራ ቦታዬ ስሄድ መጀመሪያ አስፋልት፣ ከዚያ የሾለ ድንጋይ የበዛበት ኮረኮንች ነው። ባለፈው ሳምንት ጉድጓድ መታኝና የቀኝ የፊት ጎማ ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አወጣ። አሁን ያለው ጎማ 165/70/14 ይላል። ሻጩ ግን «185/60/14 ውሰጂ፣ ሰፊ ስለሆነ ለድንጋይ ይጠነክራል» አለኝ። ልውሰደው? ደግሞስ ለድንጋይ የሚችል የትኛው ምርት ነው?

ባለ ኮሮላ
ወንድሜ፣ ብሪጅስቶን ግዛና ተገላገል። ሌላው ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው።

የጤና ጣቢያዋ
እህት ነኝ። ስለ ልኩስ?

ባለ ኮሮላ
ይቅርታ እህቴ። ልኩን ሻጩ ያውቃል።

የጎሚስታው ልጅ
ልኩንማ ሻጩ የሚያውቀው መደርደሪያው ላይ የቀረውን ነው። እህቴ፣ 185/60ን ተዪው። ሁለተኛው ቁጥር የጎማው ጎን ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው ቁመት ነው፤ እሱም የሚለካው ከስፋቱ በመቶኛ ነው። የአንቺ ጎማ የ165 ሰባ በመቶ ስለሆነ 115 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ጎን አለው። እነሱ የሚሰጡሽ የ185 ስልሳ በመቶ ነው፤ 111 ይሆናል። ስፋቱ ጨመረ፣ ጎኑ ግን አጠረ። ድንጋይና ጉድጓድ ሲመታሽ ቸርኬውን የሚያድነው ጎኑ ነው፤ በዚያ ላይ መኪናሽ ወደ መሬት ትቀርባለች። ወይ በነበረው 165/70 ቆዪ፣ ወይ 175/70/14 ሞክሪ። ጎኑ ወደ 122 ተኩል ያድጋል፤ መኪናዋም ሰባት ሚሊሜትር ያህል ከፍ ትላለች። የፍጥነት መለኪያሽ 80 ሲያሳይ በእውነቱ ወደ 82 እየሄድሽ ነው፤ ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም።

ሰማያዊ ቪትዝ
175/70 እኔ አስገብቼ ነበር። አራት ሰው ተጭኖ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ከውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ይፈትገዋል።

ጣፎ ነዋሪ
የእኔ አንድም ቀን አልነካም። ሞላህ ደክሞ ይሆናል።

ሰማያዊ ቪትዝ
ሞላው አዲስ ነው።

የጎሚስታው ልጅ
መኪናው በየዓመተ ምሕረቱ ይለያያል። አንዱን ጎማ ብቻ አስገብተሽ፣ ጭነሽ፣ መሪውን ወደ ሁለቱም ጥግ አዙረሽ እዪ። ከነካ ሳትከፍዪ መልሺ።

የአዋሹ
ስለ ልክ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ጎማው የተሠራበትን ቀን እዩ። እኔ በጥቅምት ወር አራት «አዲስ» ጎማዎች ገዛሁ። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያንጸባርቃል፤ የጥርሱ ላይ ጸጉር እንኳን አልረገፈም። ሻጩ ጎኑ ላይ 3117 የሚለውን እያሳየኝ «ይኸው የ2017 ነው፣ አምና የተሠራ» አለኝ። እኔም አመንኩ። በሁለተኛው ወር ወደ አዋሽ ስወርድ፣ በዚያ ሙቀት፣ የኋላ ግራው ጥርሱ እንደ ተላጠ ቆዳ ተገነጠለ። መኪናዋን መንገዱ ዳር ያቆምኳት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ጎሚስታው ጎማውን አጥፎ ሲያሳየኝ በጥርሶቹ መሐል ክር በሚመስል ስንጥቅ ተሞልቶ ነበር። ለካ 17 የተባለው የፈረንጅ ነው!

ባለ ኮሮላ
ታዲያ ስንት ዓመቱ ነበር?

የአዋሹ
31ኛው ሳምንት፣ በፈረንጅ 2017። በእኛ ሐምሌ 2009 መሆኑ ነው። ስገዛው ስምንት ዓመት አልፎታል።

መርካቶ ልጅ
በእኛ አቆጣጠር ሰው በሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ይሆናል ሲባል ጎማም እንደሚጨመር አላወቅሁም ነበር። ለልደቱ ሻማ አብራለት።

የአዋሹ
ሳቅ። አራቱንም ነው የጣልኩት። ልመልስ ስሄድ «ተነድቶበታል» ብለው አባረሩኝ።

ጣፎ ነዋሪ
የትኛው ሱቅ ነው? ስሙን ጻፈው።

የአዋሹ
ስሙን ጽፌ ክስ አልፈልግም። ቁጥሩን ማንበብ ተማሩ፣ በቂ ነው።

የጎሚስታው ልጅ
ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አምና፣ ማለትም በ2017 የተሠራ ጎማ መጨረሻው 24 ወይም 25 እንጂ 17 ሊሆን አይችልም። አራት አሃዝ ፈልጊ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፣ ከ53 አይበልጡም። ሌላ ዘዴም አለ፦ ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በአንዱ ጎን ብቻ ነው። ሻጩ ቀን የሌለውን ጎን ወደ አንቺ አዙሮ «ይሄ አይጻፍበትም» ካለሽ ገልብጠሽ እዪ። አራቱንም አንድ በአንድ፤ ሁለቱ አዲስ ሁለቱ የቆዩ ሆነው ሲሸጡ አይቻለሁ።

ጋሽ ሾፌር
ልጆች፣ እድሜ ብቻ አይደለም። በጨለማ መጋዘን የተቀመጠ የአራት ዓመት ጎማ ሱቅ በራፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከከረመ የሁለት ዓመት ጎማ ይሻላል። እኔ ለድንጋይ የምመክረው አየሩን አርባ መሙላት ነው። ጠንካራ ጎማ አይቀደድም።

የጎሚስታው ልጅ
ጋሽዬ፣ ስለ ፀሐዩ እውነትዎን ነው፤ ሆኖም መጋዘኑን ማን ያያል? ስለ አርባው ግን አልስማማም። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ድንጋዩን አይውጥም፤ ሁሉንም ምት ጎኑና መሐሉ ይቀበሉታል፣ የሾለ ድንጋይም በቀላሉ ይቆርጠዋል። ያነሰ ከሆነ ደግሞ ጎማው በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ይጨፈለቃል። እብጠቱ የሚመጣው በዚህ ነው፤ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሶ አየሩ ላስቲኩን ይገፋዋል። ስለዚህ ያበጠውን ጎማ ለተጠባባቂነት እንኳን አታስቀምጪው። ትክክለኛው የአየር ልክ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ።

ጋሽ ሾፌር
እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ።

ቦክሰር 150
የእኔስ ጥያቄ? የሞተሬ የኋላ ጎማ 3.00-17 ይላል፤ ሱቁ 90/90-17 ያው ነው ይለኛል። ልግዛ?

ባለ ኮሮላ
ይህ የመኪና ጥያቄ ነው ወንድሜ።

ፒያሳ
ስለ ምርቱ ልመልስ። ሶማሌ ተራ ያለ ደንበኛዬ አለ፤ አንድም ቀን አላሳሳተኝም። የሚሰጠኝን ነው የምገዛው። አባቴ ደግሞ የአገራችንን ማታዶር ነበር የሚያስገባው፤ እንደዚያ ያለ ጎማ አልተሠራም።

የአዋሹ
የደንበኛህ ጎማ ቀኑ ስንት ይላል?

ፒያሳ
ቀን አላየሁም። ሰውየውን አውቀዋለሁ አልኩህ።

መርካቶ ልጅ
ምስክሩ ተሰናብቷል።

የጎሚስታው ልጅ
ምርትን በስም ብቻ አትምረጪ። ያው ስም በተለያየ አገር ይመረታል፤ አንዱ ሞዴል ለጸጥታ፣ ሌላው ለጭነት የተሠራ ነው። ጎማው ጎን ላይ በጥቃቅን ፊደል የንጣፉ ብዛት የሚጻፍበት ሞዴል አለ፦ የጎኑ ፖሊስተር አንድ ንጣፍ ወይስ ሁለት። ለአንቺ መንገድ ሁለት ያለውን ፈልጊ። ትንሽ ይከብዳል፣ ነዳጅም ይጨምራል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። በዚያ ላይ የመጫን አቅሙን የሚነግረው ቁጥር ከ81 እንዳያንስ፤ 81 ማለት በአንድ ጎማ 462 ኪሎ ነው።

ቦክሰር ወንድሜ፣ 90/90 ብዙ ጊዜ የ3.00 ተተኪ ነው። ከሰንሰለቱና ከጭቃ መከላከያው ጋር የሚቀረውን ክፍተት በጣትህ ለካ፤ ከመነዳሪውም አዲስ ይሁን፣ አሮጌውን አታስገባው።

ቦክሰር 150
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎማው ላይ ያለው ቀስትስ ወዴት ይዙር?

የጤና ጣቢያዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሄጄ ሁለት 165/70 አየሁ፤ አንዱ 0925፣ ሌላው 4823 ይላል። ሁለት ብቻ ከገዛሁ አዲሶቹ ከፊት ይሁኑ ወይስ ከኋላ?

ባለ ኮሮላ
ከፊት። መሪው እዚያ ነው።

ሰማያዊ ቪትዝ
ከኋላ! በዝናብ ኋላው ከሸሸ መሪ አያድንም።

ጋሽ ሾፌር
አራቱንም ግዢ፣ አርባ ሙዪ።

የጎሚስታው ልጅ
ከኋላ። ሁለቱ ቀኖች ግን ዓመት ከምናምን ይራራቃሉ፤ ሁለት 0925 እንዲሰጥሽ ጠይቂው። በመጨረሻ ምን ገዛሽ?

ቦክሰር 150
ቀስቱ ወዴት እንደሚዞር የሚያውቅ አለ?