የአያቴን ፎቶ ሳይት ላይ ልጫን ወይስ ላፕቶፔ ላይ ላጥራው?

የቱሉ ዲምቱዋ፦ የአያቴ የድሮ ጉርድ ፎቶ አለኝ፤ 3 በ4 ሴንቲሜትር ነው። ለሙት ዓመቷ በኤ4 ላሳትመው ፈልጌ ነበር። እህቴ አንድ ነጻ ሳይት ላይ ጭና አጥርታ ላከችልኝ። ያምራል፣ ግን አያቴን አትመስልም። አሁን ደግሞ የልጆቼን ፎቶዎች ልትጭን ነው፤ እሱ ደስ አላለኝም። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ጥራቱስ?

ቢኒ ከጀሞ፦ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም አውርጂ፣ በቃ፤ ፎቶው ከቤት አይወጣም። ሳይቶቹም ቢሆኑ በ24 ሰዓት ውስጥ እናጠፋለን ብለው የሚጽፉ አሉ። ብዙ አትጨነቂ።

ስካነር፦ ቢኒ ግማሹን ልክ ነህ። ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ሁሉ እዚያው አይሠራም። አንዳንዱ ፎቶውን ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ልኮ፣ ውጤቱን ብቻ ነው የሚያሳይሽ። ለመለየት ዋይፋዩን አጥፊና አንድ ፎቶ ስጪው። ከሠራ ሥራው እዚያው ነው፤ «ኮኔክሽን የለም» ካለ ግን ያው ሳይት ነው። እናጠፋለን የሚለውን ደግሞ ከውጭ ሆኖ ማረጋገጥ አይቻልም። ውላቸው ውስጥ «አገልግሎታችንን ለማሻሻል እንጠቀምበታለን» የሚል ካለ፣ የልጆችሽን ፎቶ አትስጪ።

ለጥራቱ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ እህትሽ የጫነችው ፎቶ እንዴት ነው የደረሳት?

የቱሉ ዲምቱዋ፦ እኔ በስልክ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁላት። አያቴ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራት፤ የሳይቱ ፎቶ ላይ የለም። ጭራሽ ቆዳዋ የልጅ ቆዳ ሆኗል።

ስካነር፦ አየሽ፣ ችግሩ ሁለት ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል፤ ሁልጊዜ «ፋይል» ብለሽ ላኪ። (ፋይል ግን ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ በስልክ ለተነሱት የልጆቹ ፎቶዎች ይህን አስቢበት።) ሁለተኛው፣ ፊት የሚያጠሩት የጎደለውን ከተማሩባቸው ሌሎች ፊቶች እየገመቱ ነው የሚስሉት። ንቅሳትን እንደ ጭረት ወይም እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ያጠፉታል። ሹሩባና የነጠላ ጥለትም እንዲሁ ይድበሰበሳል። በጣም ደብዛዛ ፊት ላይ ሳይቶቹ የበለጠ ያማረ ነገር ያወጣሉ፤ ያማረው ግን የማን ፊት እንደሆነ አንቺው አይተሻል።

እኔ ብሆን ዋናውን ፎቶ በ600 ዲፒአይ ስካን አደርገዋለሁ። 3 በ4 ሴንቲሜትር ያኔ ወደ 709 በ945 ፒክስል ይሆናል። አራት እጥፍ ሲያድግ 2836 በ3780 ነው፤ ኤ4ን በ300 ዲፒአይ ለማተም ደግሞ 2480 በ3508 ይበቃል። ለዚህ `Upscayl` የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ያሳድጋል እንጂ ፊት አይሠራም፤ ለአንቺ ጥቅሙም እሱ ነው። `Digital Art` የሚለውን ሞዴል አትምረጪ፣ ሥዕል ያስመስለዋል።

ስቱዲዮ ሰፈር፦ ሰበታ ፎቶ ቤት አለኝ። ለእኛ ስጡን፣ ሳይት አያስፈልግም። በእጅ እንሠራለን።

የኮዬዋ እናት፦ እኔ የወሰድኩበት ፎቶ ቤት የባለቤቴን እናት ፎቶ እዚያው ፊቴ ሳይት ላይ ጫነው! መጀመሪያ በምን እንደሚሠሩ ጠይቂ። እኔ የቸገረኝ ግን የልጆቼ ፎቶ ስልኬን መሙላቱ ነው። እነሱንስ የት ላስቀምጣቸው?

ስካነር፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው እናቴ፣ ለብቻው ጠይቂው።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ስካን አስደረግሁ። `Upscayl` ግን ጥቁር ምስል አወጣልኝ።

ስካነር፦ ማስተካከያው ውስጥ `tile size` የሚለውን 100 አድርጊ፤ ምስሉን እየቆራረጠ ስለሚሠራ ሜሞሪ አይጨናነቅም። ያኔም ጥቁር ከሆነ የግራፊክሱን ድራይቨር አድሺ። እንደዚያም ካልሆነ ግራፊክሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የተሻለ ኮምፒውተር ያለው ዘመድ ቤት በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ።

ቢኒ ከጀሞ፦ እህትየው የሠራችውም እኮ አይጣልም። `GIMP` በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ስካኑን በእኩል መጠን ከላዩ አድርጊ፣ ማስክ ጨምሪ፣ ግንባሯ ላይ ብቻ ስካኑ እንዲታይ ቀቢ። ንቅሳቷ ይመለሳል።

ስካነር፦ ንቅሳቱ ይመለሳል፣ ዓይኗ ግን የሌላ ሰው ነው። እኔ አልስማማም።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ በ100 ሠራ! አንዱን ፎቶ ለመጨረስ ብዙ ደቂቃ ፈጀ እንጂ። ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ግን እሷው ናት። እህቴ አሁንም የራሷን ነው የወደደችው፤ እናታችን ሁለቱንም አይታ ትምረጥ ብለናል። የልጆቹን ግን ከልክያታለሁ።