ቤቱ 4 ሚሊዮን ያወጣል፣ ባንኩ ግን 1.64 ሚሊዮን ብቻ አለ፤ ዋስ ብጨምር ይለወጣል?

ስፌት ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬን ለማስፋት 2.4 ሚሊዮን ብድር ጠይቄ ነበር። መያዣው የእኔና የባለቤቴ ቤት ነው፤ በገበያ 4 ሚሊዮን ያወጣል። የቆየ 600 ሺህ ዕዳ አለበት። ባንኩ ከ1.64 ሚሊዮን በላይ አልሰጥም አለ። ሁለት ጓደኞቼ ዋስ እንሁንሽ ብለዋል። ዋስ ካቀረብኩ ቀሪውን ይሰጡኛል? እነሱስ ምን ይደርስባቸዋል?

ጎበዝ፦
ደመወዝ ያላቸው ሁለት ዋሶች ካሉሽ ይሰጡሻል፣ አትጨነቂ። ዋስ የሚነካውም ቤቱ ተሸጦ ሳይበቃ ሲቀር ብቻ ነው።

የብድር ሰው፦
ጎበዝ ያለው በከፊል ልክ ነው፤ ግን ጓደኞችሽ በዚህ ተማምነው እንዳይፈርሙ።

መጀመሪያ ስሌቱን እንየው። ባንኩ የሚነሣው ከራሱ ገማች ግምት እንጂ ከገበያ ወሬ አይደለም። የሚያበድረው ከግምቱ 70 በመቶ ከሆነ፣ ቤትሽ የተገመተው 3.2 ሚሊዮን ነው ማለት ነው። የ3.2 ሚሊዮን 70 በመቶ 2.24 ሚሊዮን ነው። ከዚያ ላይ 600 ሺህ የቆየ ዕዳ ሲቀነስ 1.64 ሚሊዮን ይቀራል። የቆየውን ዕዳ አዲሱ ባንክ ከፍሎ ቢረከብሽም እጅሽ የሚገባው ያው 1.64 ነው።

30 በመቶው ለምን ይቀራል? ብድሩ ሳይከፈል አንድ ዓመት ቢቆይና ወለዱ 15 በመቶ ቢሆን፣ 2.24 ሚሊዮኑ ወደ 2.576 ሚሊዮን ይደርሳል። ቤቱ ደግሞ በሐራጅ ከግምቱ ሩብ ያህል ቀንሶ በ2.4 ሚሊዮን ቢሸጥ፣ የሐራጅና የጠበቃ ወጪ ሳይታሰብ እንኳ 176 ሺህ ይጎድላል። ያ ጉድለት ከቤቱ ጋር አይጠፋም፤ ተበዳሪውንና ዋሱን ይከተላል።

ዋስና መያዣ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። የደመወዝ ዋስ «ወርሃዊውን ክፍያ የሚከፍል አለ ወይ?» ለሚለው መልስ ነው፤ የቤቱን ግምት አያሳድግም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለሽን 760 ሺህ አይሞላልሽም። የሚሞላው ከጓደኞችሽ አንዱ የራሱን ንብረት በመያዣነት ሲያስመዘግብ ነው። በዚያው 70 በመቶ ቢታሰብ ከ1.09 ሚሊዮን ያላነሰ ግምት ያለው ዕዳ የሌለበት ንብረት ይፈለጋል።

ስለ አደጋው፦ ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለ፣ ባንኩ ቤቱን ሳይሸጥ በቀጥታ ከዋሱ ሙሉውን ሊጠይቅ ይችላል። ሁለት ናቸውና እኩል ይካፈላሉ ማለትም አይደለም፤ ከአንዱ ብቻ ሊጠየቅ ይችላል። ጓደኞችሽ ከመፈረማቸው በፊት የዋስትናው ጣሪያ በቁጥር ይጻፍ፤ ወለድና ቅጣት በጣሪያው ውስጥ ይሁን ወይስ ከዚያ በላይ፣ እሱም በግልጽ ይቀመጥ።

ባለ ሚኒባስ፦
እኔም ሚኒባሴን ላስይዝ ነበር፣ 70 በመቶ ይሰጡኛል ማለት ነው?

የብድር ሰው፦
ወንድሜ፣ የእሷ ቤት ነው። መኪና በየዓመቱ ዋጋው ስለሚወርድ ምጣኔው ብዙ ጊዜ ከቤት ያነሰ ነው፤ ኢንሹራንስም ይጠየቅበታል።

ስፌት ቤት፦
አመሰግናለሁ፣ ግምቱ እውነትም 3.2 ነው። ግን 4 ሚሊዮን የሚያወጣን ቤት እንዴት እንዲህ ዝቅ አደረጉት?

ሜትር ያዥ፦
እህቴ፣ የግምት ሪፖርቱን ቅጂ ጠይቂና መጀመሪያ የወለሉን ስፋት እዪ። ከጀርባ የተጨመረ ክፍል ካለሽና ፈቃድ ካልወጣለት፣ ገማቹ ለክተው ቢያልፉም ዋጋ አይሰጡትም፤ ባንኩ በሰነድ የሌለውን መሸጥ አይችልማ። ሜትር ይዘሽ ለኪና ከባለቤትነት ሰነዱ ጋር አስተያዪ። ስፋቱ በስህተት ከተጻፈ ፕላኑን አያይዘሽ እንደገና ይታይልኝ በይ። ክፍሉ ያለ ፈቃድ የተሠራ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሰነዱን ነው የምታስተካክዪው። «ጎረቤቴ በ4 ሚሊዮን ሸጠ» ማለት ብቻውን ግምት አያስለውጥም፤ የተመዘገበ የሽያጭ ውል ካለ ግን አሳዪ።

ስፌት ቤት፦
ከጀርባ ሁለት ክፍል አለን፣ ፕላኑ ላይ የሉም። በ1.64 ጀምሬ ክፍሎቹ ሲመዘገቡ ቀሪውን ብጠይቅስ?

የብድር ሰው፦
ይቻላል፤ ግን ሁለተኛው ብድር አዲስ ግምትና አዲስ የመያዣ ምዝገባ ይፈልጋል፣ ወጪውም እንደገና ነው። የባለቤትሽ ፊርማ በሁለቱም ውሎች ላይ ያስፈልጋል። በግምቱ ላይ ሊጨመር የሚችለው ከወጪው ይበልጣል ወይ ብለሽ አስቢው።

ጎበዝ፦
ጓደኞቿ ዋስ ከሆኑ በኋላ ብድሩ ግማሽ ሲደርስ መውጣት ይችላሉ?

የብድር ሰው፦
በራሳቸው አይችሉም፤ ባንኩ በጽሑፍ ካልለቀቃቸው ውሉ ይቆያል። ዕዳው እዚህ መጠን ሲደርስ ዋሱ ይለቀቃል የሚል አንቀጽ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይቻላል። ይቀበላሉ ወይ የሚለው ግን ከባንክ ባንክ ይለያያል።