ራሴን ካመመኝ አራት ቀኔ፤ ዝርዝሩን ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ እንቅልፍ የለም

የሽሮ ሜዳው
ሰላም ለቤቱ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ራሴን ማመም ከጀመረኝ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ጠባብ ኮፍያ እንዳጠለቅሁ ግንባሬን ጨምድዶ ይይዘኛል። ሌሊት ስልኬ ላይ የራስ ምታት ምክንያት ብዬ ስፈልግ መጀመሪያ የመጣው የአንጎል ዕጢ ነው። ቀጥሎ ማጅራት ገትር፣ ከዚያ የደም ሥር መፈንዳት። ዕጢ ከሆነ ጠዋት ይብሳል ይላል፣ የኔም ጠዋት ይብሳል! 31 ዓመቴ ነው። ሲቲ ስካን ልነሳ? ዋጋውስ ስንት ገባ?

ጀበና
ስካኑን ተወውና አንድ ሲኒ ቡና ጠጣ።

የሽሮ ሜዳው
ቀልድ አይደለም እኮ። ቡና ደግሞ ለጨጓራዬ ብዬ ካቆምኩ አምስት ቀኔ ነው።

ጀበና
😂 ይኸው ተገኘ! የምርመራ ክፍያ በቴሌብር ላክ።

ጋሽ መነጽር
ልጄ፣ ጥፋቱ ከመነሻው ነው። ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ይሄዳል እንጂ በሌሊት ስልክ አይጎረጉርም። እኛ በጊዜያችን የበሽታውን ስም ሳናውቅ ታመን ሳናውቅ እንድን ነበር። ያ ስልክ ለጤናህ ስለማይበጅ መኝታ ቤት አታስገባው።

የሽሮ ሜዳው
ጋሼ ምክርዎ ጥሩ ነው፣ ግን አንዴ አንብቤዋለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ሲስተር (ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው)
ወንድሜ፣ ያነበብከው ዝርዝር በብዛት ቅደም ተከተል የተጻፈ አይደለም። የሚያስፈራው ከላይ የተቀመጠው ሐኪም እንዳያመልጠው ነው። ደግሞም የነገረህ «ዕጢ ያለበት ሰው ራሱን ሊያመው ይችላል» የሚለውን ነው። አንተ ማወቅ የፈለግኸው ግን «ራሱን ያመመው ሰው ዕጢ አለበት ወይ» የሚለውን ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። እንግሊዝ አገር ራሴን ብለው ወደ ሐኪም የሄዱ ሰዎች ሲጠኑ ዕጢ የተገኘባቸው ከ1000 አንድ ገደማ ናቸው። የቀሩት 999 ሰዎችም ጎግል ቢያደርጉ ያንኑ ዝርዝር ነው የሚያነቡት።

ቡናውን ጀበና በቀልድ ቢያነሳውም ልክ ሳይሆን አይቀርም። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ራስ ምታቱ በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይበረታል፣ አንዳንዱ ላይ እስከ ዘጠኝ ቀን ይቆያል። ያቆምከው ከአምስት ቀን በፊት ነው፣ ሕመሙ አራት ቀኑ ነው። ገጥሟል።

ግን ገጠመ ብለን አንዝጋው። እነዚህን መልስልኝ። ሕመሙ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ መብረቅ ነው የመጣው ወይስ ቀስ ብሎ? አንገትህን ወደ ደረትህ ስታጎነብስ ይገትርሃል? ትኩሳት አለህ? የእጅህ ጉልበት፣ ንግግርህ፣ ዕይታህ ተለውጧል? በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወጥተህ ነበር?

ሪያድ ነኝ
እኔም ራሴን ያመኝ ነበር እህቶቼ። የማዳም ቤት ኤሲ ሌት ተቀን አይጠፋም። ማስታገሻ በየቀኑ ስውጥ ወራት አለፉ። በኋላ ክሊኒክ ስሄድ ሕመሙን የሚያመጣው ራሱ ኪኒኑ ሆኗል አሉኝ። ኤሲው ግን አሁንም እንደበራ ነው። ለኤሲ ምን ይሻላል?

ውኃ ጠጪው
ቡና ጠጣ፣ ውኃም ጠጣ።

የእቴቴ ልጅ
ሲስተር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ «ከ1000 አንድ» የሚባል ነገር ያናድደኛል። አክስቴን ጭንቀት ነው እያሉ ሦስት ወር አመላልሰዋታል። ዕጢ ሆኖ ተገኘ። ያቺ አንድ የኔ አክስት ነበረች።

ሲስተር
እውነትሽን ነው፣ ከ1000 አንድ ባዶ ማለት አይደለም። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ አክስትሽን ራሷን ብቻ ነበር የሚያማት?

የእቴቴ ልጅ
በየሳምንቱ እየባሰባት ነበር። መጨረሻ አካባቢ ሲኒ ከግራ እጇ እያመለጠ ይሰበር ጀመር። እኛ እርጅና ነው አልን።

ሲስተር
እኔ የምለው እሱን ነው። ሲኒው መውደቅ ከጀመረ በኋላ ከ1000 አንድ የሚለው ሒሳብ ለሷ አይሠራም ነበር። ሳምንት በሳምንት የሚጨምር ሕመም፣ የአንድ ወገን እጅ መድከም፣ ከዚህ በፊት የማያውቃት የሚጥል በሽታ፣ ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ አዲስ ራስ ምታት፣ እነዚህ ሲጨመሩ ምርመራ ይገባል። ቁጥሩ የሚያጽናናው ራስ ምታቱ ብቻውን ሲሆን ነው።

የሽሮ ሜዳው
ሲስተር ይቅርታ ዘገየሁ። ቀስ ብሎ ነው የመጣው። አንገቴ ደህና ነው፣ እጄም ዓይኔም ደህና። ትኩሳት አልለካሁም። ማታ ማታ ግን ይበርደኛል፣ እሱ የጥቅምት ብርድ ነው። ጉልበቴ አካባቢም ይቆረጥመኛል። ለሥራ አርባ ምንጭ ሄጄ ሦስት ቀን አድሬ ነበር፣ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ይሄ ከራስ ምታት ጋር ምን አገናኘው?

ጀበና
በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል። ቡናና ቅቅል እዘዝ።

ሲስተር
ጀበና ቆይ። ነገሩ ተለወጠ። ቅድም ቡናውን ወደ ላይ ያደረግሁት ሌላ ነገር ስላልነገርከኝ ነው። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፣ ሐይቅ ዳር ነው፣ ወባ አለ። ወባ ትንኟ ከነከሰች በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል። አጀማመሩም ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ቁርጥማት ነው። ትኩሳቱ መጥቶ ስለሚሄድ አሁን ብትለካ ምንም ላይኖር ይችላል።

ያነበብከው ገጽ ወባ ለሌለበት አገር ሰው የተጻፈ ከሆነ ወባን ከታች ይጽፈዋል፣ ወይ ጭራሽ አይጽፈውም። ላንተ ግን ከዕጢው እጅግ ይቀድማል። ቡናውም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድና የወባ ምርመራ አድርግ። ፈጣኑ ምርመራ ከጣትህ ጠብታ ደም ተወስዶ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አርባ ምንጭ ነበርኩ ብለህ ራስህ ተናገር። አዲስ አበባ ውስጥ ካልተናገርክ ማንም ላያስበው ይችላል። ነጻ ነህ ቢሉህና ብርዱ ካልተወህ በማግስቱ ይደገም። ከሰው ቤት የተረፈ የወባ ኪኒን እንዳትውጥ።

ዘጠኝ ቁጥር ማዞሪያ
ሲስተር፣ አዲስ አበባ ላይ ወባ የለም። ይሄ ታይፎይድ ነው። እኔ አምና ልክ እንዲህ አድርጎኝ ዊዳል ተመርምሬ 1:160 ወጣብኝ።

ሲስተር
አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነ እዚህ የመያዙ ዕድል አነስተኛ መሆኑ ልክ ነው። እሱ ግን የተነከሰው አርባ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ዊዳልን ደግሞ ብዙ አትመነው። ድሮ የያዘህ ወይ ሌላ ኢንፌክሽንም ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ዘጠኝ ቁጥር ማዞሪያ
መድኃኒቱን ወስጄ ዳንኩ እኮ!

ሲስተር
ሳትወስደውም ትድን ይሆን ነበር።

ጋሽ መነጽር
እኔም ሐኪም ቤት ይሂድ ብዬ ነበር፣ ማን ሰማኝ።

የሽሮ ሜዳው
ጤና ጣቢያ ነኝ፣ ተራ ቁጥሬ 14 ነው። አሁን 6 ላይ ናቸው። የካርድ ክፍሏ ልጅ «ምንህን ነው» ስትለኝ «ራሴን» ብዬ ዝም ልል ነበር፣ አርባ ምንጭ የምትለውን ጨመርኩ። ቀና ብላ አየችኝና ካርዱ ላይ ጻፈችው። ከበሩ ፊት ለፊት ቡና እየተቆላ ነው፣ ልሞት ነው።

ሪያድ ነኝ
እግዜር ይማርህ ወንድሜ። ኧረ ለኤሲው ማን ይመልስልኝ?

ጀበና (ከሦስት ቀን በኋላ)
ሽሮ ሜዳ፣ ውጤቱ ምን ሆነ?

ጀበና (ከሳምንት በኋላ)
ኧረ ሰውዬ?

ዘጠኝ ቁጥር ማዞሪያ
ታይፎይድ ነው ብያለሁ።