ለባንኩ የጻፍኩት የቻርጅባክ ማብራሪያ ተመለሰብኝ፣ እርዱኝ

ሰላም። ከአንድ የኦንላይን ሻጭ ሁለት ጫማ በካርድ ገዝቼ አንዱ ጠበበኝ። ሻጩ በኢሜይል «መልሺው፣ ሲደርሰን ገንዘብሽን እንመልሳለን» ብሎ የመመለሻ ቁጥር ሰጠኝ። በነጋታው በፖስታ ላክሁት። መከታተያው እንደሚያሳየው በ6ኛው ቀን ፈርመው ተቀብለዋል። ከዚያ ወዲህ 24 ቀን አለፈ። ሦስት ኢሜይል ጻፍኩ፣ ዝም!

ስለዚህ ባንኬ በካርድ የከፈልኩትን ከሻጩ እንዲያስመልስልኝ የቻርጅባክ ጥያቄ አቀረብኩ። ባንኩ ማብራሪያ ሲጠይቀኝ በንዴት ሁለት ገጽ ሞላሁ (አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል)። ይባስ ብዬ ቅጹ ላይ «ዕቃው አልደረሰኝም» የሚለውን መርጬ የሁለቱንም ጫማ ዋጋ ጠየቅሁ። ሻጩ ጫማዎቹን ያደረሰበትን ማስረጃ ካቀረበ ወዲያው እንደሚረታኝ አላሰብኩም። ባንኩም «ምክንያቱና ታሪኩ አይገጥሙም፣ በ10 ቀን ውስጥ አስተካክለሽ ላኪ» አለኝ።

አሁን እንዲህ አሳጥሬዋለሁ፦

«ሁለቱም ጫማዎች ደርሰውኛል። አንዱን በሻጩ ፈቃድ መልሻለሁ፤ ፈርሞ ተቀብሏል፣ ገንዘቡን ግን አልመለሰም። የምጠይቀው የተመለሰውን ጫማ ዋጋ ብቻ ነው። የፈቃዱ ኢሜይል፣ የመላኪያው ደረሰኝ፣ የመከታተያው ገጽና ሦስቱ ኢሜይሎቼ ከነቀናቸው ተያይዘዋል።»

የጨነቀኝ የምክንያቱ ምርጫ ነው። ቅጹ ላይ «ዕቃ መልሼ ገንዘብ አልተመለሰልኝም» እና «ሻጩ ተመላሽ ቃል ገብቶ አልከፈለም» ተለያይተው ተቀምጠዋል። «ሲደርሰን እንመልሳለን» የሚለው ኢሜይል ለሁለተኛው ይበቃል ወይስ የመጀመሪያው ይሻለኛል? የመመለሻውን የፖስታ ሂሳብ የከፈልኩት ለሻጩ ስላልሆነ ትቼዋለሁ። በዚህ መንገድ ያስመለሰ ሰው ካለ ይንገረኝ።