ሦስት ነጥብ ካስገባሁ ጥቅሱ ታማኝ ነው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፍኩ ነው። አንድ አንቀጽ ጠቅሼ ቆረጥኩት፤ በቆረጥኩበት ቦታ ሁሉ ሦስት ነጥብ አስገብቻለሁ። አንዲትም ቃል አልጨመርኩም። አማካሪዬ ግን «ይሄ የሰውየው ቃል አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ደንቡን ጠብቄያለሁ ባይ ነኝ። ማን ነው ትክክል?

የታሪክ ተማሪው፦ አንቺ ነሽ ትክክል። ሦስት ነጥብ የመጣው ለዚሁ ነው። አንባቢ ነጥቦቹን ሲያይ የቀረ ነገር እንዳለ ይገባዋል። ሙሉውን የፈለገ የገጹን ቁጥር ይዞ ዋናውን ይክፈት። ደግሞ ጥቅሱ 40 ቃል ከሞላ ትምህርተ ጥቅስ አያስፈልገውም፤ ለብቻው ገባ ብሎ ይቀመጣል። ይሄ የትም ቦታ አንድ ነው።

አርታዒው፦ እህቴ፣ ዋናውንም የቆረጥሽውንም አምጪልን። ሳናይ መፍረድ አንችልም።

ጠያቂዋ፦ እሺ ጋሼ። ዋናው ይህ ነው፦

> ዘዴው በመጀመሪያው ወር የተማሪዎቹን የንባብ ፍጥነት ጨምሯል። በሦስተኛው ወር ግን ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። ስለዚህ ዘዴው ለሁሉም ክፍል ይጠቅማል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

እኔ ያስገባሁት ደግሞ ይህን ነው፦

> «ዘዴው በመጀመሪያው ወር የተማሪዎቹን የንባብ ፍጥነት ጨምሯል ... ዘዴው ለሁሉም ክፍል ይጠቅማል ...»

አርታዒው፦ አማካሪሽ ልክ ነው። አንቺም አልዋሸሽም፤ የጻፍሽው ቃል ሁሉ የሰውየው ነው። ግን የመጨረሻውን ሦስት ነጥብ ተመልከቺው። ከሥሩ የተደበቀው «ብዬ ለመናገር አልደፍርም» ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አዎንታውም አሉታውም፣ እርግጠኝነቱም ጥርጣሬውም እዚያ ነው ያለው። ሰውየው «ይጠቅማል» ያለው ሊክደው ነው። አንቺ መካዱን ቆርጠሽ የተካደውን አስቀረሽ።

የምንከተላቸው የጥቅስ መመሪያዎች አብዛኞቹ ለእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በእንግሊዝኛ «አልደፍርም» የሚለው ፊት ይመጣል፣ ጭራው ቢቆረጥም አሉታው ይተርፋል። በእኛ ግን ጭራው ሲቆረጥ ዓረፍተ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ እኔ ጋ ለሚመጣ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነገር አጠብቃለሁ፦ በማሰሪያ አንቀጽ ቦታ ሦስት ነጥብ አይገባም። «ብዬ»፣ «ቢባልም»፣ «የሚለው»፣ «መስሎኝ» ከሚሉት ቃላት በፊት የሚቆረጥ ጥቅስ ሁሉ ያስፈራኛል።

ሪፖርተሯ፦ ይሄ እኔ ላይ ደርሷል። አንድ መጽሔት ስለ አንድ ማኅበር ሒሳብ ጠየቀኝ። እኔ ያልኩት «ገንዘቡ ጠፍቷል የሚለውን ወሬ ሰምቻለሁ፤ ማስረጃ ግን አላየሁም» ነው። የወጣው «ገንዘቡ ጠፍቷል ...» የሚል ነው። ስደውል «ነጥብ አድርገናል እኮ» አሉኝ። ማረሚያው ከሁለት ሳምንት በኋላ በውስጥ ገጽ፣ በሁለት መስመር ወጣ። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ እኔን ምስክር አድርጎኝ ነበር። ነጥቦቹን ያየ አንድም ሰው «ምን ቀረ?» ብሎ አልጠየቀኝም። አንባቢ ዋናውን ይክፈት ማለት ለጥናት ጽሑፍ ይሠራ ይሆናል። በንግግር የተሰጠ ቃል ግን የሚከፈት ገጽ የለውም።

የታሪክ ተማሪው፦ ያንቺ ጉዳይ ግፍ ነው፣ ገባኝ። ግን እንግዲህ መቁረጥ ተከለከለ ማለት ነው? አንድ ገጽ ሙሉ መገልበጥ አይቻልም እኮ።

አርታዒው፦ አልተከለከለም። የእሷን ጥቅስ አብረን እንቁረጠው። መጀመሪያ የሚመጣልኝ ይህ ነው፦

> ዘዴው በመጀመሪያው ወር የተማሪዎቹን የንባብ ፍጥነት ጨምሯል። [...] ስለዚህ ዘዴው ለሁሉም ክፍል ይጠቅማል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

አሁን አሉታው ተመለሰ። ሌላ ችግር ግን መጣ። «ስለዚህ» ምክንያቱን አጥቷል። አንባቢው «ፍጥነት ስለጨመረ ነው የማይደፍረው?» ብሎ ግራ ይጋባል። ምክንያቱ ያለው በተቆረጠው መካከለኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ያንን ለማሳጠር ብንሞክር «በሦስተኛው ወር ግን [...] ልዩነት ጠፍቷል» እንላለን። አራት ቃል ቀረልን፤ ግን የየትኛው ልዩነት እንደሆነ አይታወቅም። ዋናውን ቆጠርኩት፣ ጠቅላላ 24 ቃል ነው። እህቴ፣ ይሄን ለምን ትቆርጪዋለሽ? እንዳለ አስገቢው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአራት ነጥብ በኋላ የገባ [...] እና ያለ አራት ነጥብ የገባ [...] አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው «ዓረፍተ ነገሩ አልቋል፣ ከዚያ ወዲያ ዘልያለሁ» ይላል። ሁለተኛው «ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ቆርጫለሁ» ይላል። አንቺ «ጨምሯል» ካልሽ በኋላ አራት ነጥቡን አንስተሽ ሁለት ዓረፍተ ነገር አጣበቅሽ። አንባቢ የአንድ ትንፋሽ ንግግር ይመስለዋል።

ታይፒስቱ፦ ጥያቄው ስለ ገባ ማድረጉ ከሆነ እኔ ልመልስ። በዎርድ ስትሠሩ እባካችሁ በስፔስ ቁልፍ አትግፉት። ፊደሉ ወይ የወረቀቱ መጠን ሲቀየር መስመሩ ይበታተናል። አንቀጹን መርጣችሁ ከላይ ያለውን ሩለር ሳቡት። ግማሽ ኢንች ማለትም 1.27 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በድረ ገጽ ከሆነ ይህን ተጠቀሙ፦

```
<blockquote>ጥቅሱ እዚህ</blockquote>
```

ጠያቂዋ፦ ጥያቄዬ እሱ አልነበረም፣ ግን በስፔስ ነበር የገፋሁት። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

አርታዒው፦ ታይፒስቱ ያነሳው ከጉዳዩ አይርቅም። ገባ ያለ ጥቅስ ምልክቱ ራሱ መግባቱ ነው፤ ስለዚህ « » አይጨመርበትም። አንቺ ሁለቱንም አድርገሻል። ያኔ አንባቢው ሰውየው ሌላ ሰው እየጠቀሰ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ጥቅሱን ከመስመር ውስጥ አውጥተሽ ገባ ስታደርጊው የውጩ « » ይነሳል፤ በውስጡ ‹ › የነበረው ደግሞ ወደ « » ይመለሳል። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

መግባቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰው ጽሑፉን ቀድቶ በስልክ መልእክት ሲልከው ክፍተቱ ይጠፋል፤ የሌላ ሰው ቃል ያንተ ይሆናል። ለዚህ ከጥቅሱ በፊት የተናጋሪውን ስም የያዘ መግቢያ ዓረፍተ ነገር ይኑር።

40 ቃል የሚለውም የትም አንድ አይደለም። የኤፒኤ መመሪያ ነው 40 ቃልና ከዚያ በላይ የሚለው። ኤምኤልኤ ከአራት መስመር ያለፈ ስድ ንባብ ይላል። ቺካጎ ወደ 100 ቃል ይጠጋል። በዚያ ላይ አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ይሸከማል። «ስላልነገረችን» አንድ ቃል ናት፤ በእንግሊዝኛ አምስት ወይም ስድስት ትሆናለች። አርባ የአማርኛ ቃል ረዘም ያለ ሐሳብ ነው። እኔ በመስመር ብቆጥር እመርጣለሁ።

ተርጓሚዋ፦ ስለ ካሬ ቅንፍ ማንም አላነሳም። እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ኒል አርምስትሮንግ በ1969 እ.ኤ.አ. ጨረቃ ላይ ሲረግጥ የተናገረውን ሁላችንም እናውቃለን፦ «ይህ ለ[አንድ] ሰው ትንሽ እርምጃ ነው፤ ለሰው ልጅ ግን ታላቅ ዝላይ።» ቅንፉ የእኔ ጌጥ አይደለም። በድምፅ ቅጂው ላይ «አንድ» የምትለዋ በግልጽ አትሰማም። እሱ ለማለት ያሰብኩት እሷን ጨምሮ ነው ይል ነበር። ቃሏን ያለ ቅንፍ ከጻፍኳት ያልተሰማ ነገር አሰማሁ ማለት ነው። ጨርሶ ከተውኳት ደግሞ አባባሉ ትርጉም ያጣል፤ «ሰው» እና «የሰው ልጅ» አንድ ይሆናሉ። ቅንፏ ሁለቱንም ያስታርቃል። ክብ ቅንፍ ግን አይሆንም፤ ክብ ቅንፍ ተናጋሪው ወይም ጸሐፊው ራሱ ሊያስገባው የሚችል ነው። ካሬው የእኔ እጅ ብቻ ነው።

ሪፖርተሯ፦ «ግን» የምትለዋስ? እሱ አላላትም።

ተርጓሚዋ፦ እውነትሽን ነው። አማርኛው እንዲፈስ ብዬ ሳላስበው ጨመርኳት። ትርጉም ነው ብዬ ልከራከር እችል ነበር፣ ግን ስለ አንዲት ቃል ታማኝነት እየተናገርኩ ሌላዋን በዝምታ ማስገባቴ አይገባም። አውጥቻታለሁ።

ጠያቂዋ፦ እኔም ቅንፍ ላይ ጥያቄ ነበረኝ። «አልደፍርም» የሚለውን ከእኔ ዓረፍተ ነገር ጋር እንዲሄድ «አ[ይ]ደፍርም» ማለት እችላለሁ?

አርታዒው፦ ይቻላል፤ ግን ዓይን ይወጋል። «ብዬ»ም «ብ[ሎ]» መሆን አለበት። አንድ ቃል ከነካሽ ሙሉ ቃሉን በቅንፍ አድርጊ፦ [አይደፍርም]። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን አለመንካት ነው። እኛ «... አልደፍርም» ሲል ጽፏል ብለን የሰውየውን አፍ እንዳለ ማቆየት ይሆንልናል። ቅንፍ የሚያስፈልገው «እሱ» ማን እንደሆነ በማይታወቅበት ቦታ ነው። እዚያም ስሙን ብቻ እንጂ የአንቺን ግምት አታስገቢ። «እሱ [ሒሳቡን የደበቀው]» ብሎ መጻፍ ማብራራት ሳይሆን መክሰስ ነው።

ዋናው ጽሑፍ ራሱ ሦስት ነጥብ ካለውስ የሚል ይኖራል። ለዚያ ነው የእኔን ነጥቦች [...] በካሬ ቅንፍ የማስገባቸው። የንግግር ቅጂ ላይ ሰው ሲያመነታ በነጥብ ይጻፋል። ያመነታውና የቆረጥኩት ሊቀላቀሉ አይገባም።

የታሪክ ተማሪው፦ እሺ፣ በማሰሪያ አንቀጹ ተሸንፌያለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። በድሮ ኅትመት በቃላቱ መካከል ሁለት ነጥብ አለ። ሀና ሐ፣ ሰና ሠ ደግሞ እንዳሁኑ አይደለም የተጻፉት። እኔ ስጠቅስ ሁሉንም ወደ አሁኑ አጻጻፍ አመጣዋለሁ። ቅንፍም ማስታወሻም አላስገባም። ድምፁ ያው ነው፤ ቃሉ አልተለወጠም።

ተርጓሚዋ፦ እኔ አልስማማም። «ሰረቀ» እና «ሠረቀ» ድምፃቸው አንድ ነው፤ አንዱ ሌብነት ነው፣ ሌላው የፀሐይ መውጣት። ጸሐፊው የመረጠውን ፊደል መቀየር ቃሉን መቀየር ሊሆን ይችላል። ስህተት ከመሰለህም እንዳለ ተወውና ከጎኑ [በዋናው እንዲሁ ነው] በል።

አርታዒው፦ እኔ መሃል ላይ ነኝ። ሁለት ነጥቡን በክፍተት መተካት አያስጨንቀኝም፤ የአታሚ ልማድ ነው። ፊደሉን ግን መጀመሪያ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር «አጻጻፉን ወደ አሁኑ አምጥቻለሁ» ካላልክ አልቀበልም። ለስምና ለግጥም ጨርሶ አልነካም።

የታሪክ ተማሪው፦ በየጥቅሱ [በዋናው እንዲሁ ነው] ካልኩ ገጹ በቅንፍ ይሞላል። አንባቢዬን አጣለሁ።

ተርጓሚዋ፦ ከመቀየር ይልቅ ገጹ ቢሞላ ይሻለኛል።

ጠያቂዋ፦ የእኔን አስተካከልኩ። 24ቱንም ቃል አስገባሁ፣ « » ብቻ፣ ገባ ሳላደርግ። አሁን ግን አጠገቡ ያለው ሁለተኛው ጥቅሴ «ያረጋግጣል ...» ብሎ ነው የሚያልቀው። ዋናውን ልከፍት ነው።