የቀዶ ሕክምናና የጽኑ ሕሙማን ክንፍ ጄነሬተር፦ 200፣ 250 ወይስ 350 ኬቪኤ? (የዕቅድ ውይይት)

አስተባባሪ
ጤና ይስጥልኝ። በማኅበሩ ስም ለሆስፒታሉ ከምናቀርበው ሰነድ አንቀጽ 4፣ የጄነሬተሩ መጠን፣ ገና ባዶ ነው። ሕንፃው አዲስ አበባ ነው፤ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ። የተሰበሰበው ጭነት ይኸው፦ መብራት፣ የጽኑ ሕሙማንና የቀዶ ሕክምና ሶኬቶች እንዲሁም ዩፒኤስ አንድ ላይ 55 ኪሎ ዋት፤ የቫኪዩም ፓምፖች 12፤ የቀዶ ክፍሎቹ አየር ማራገቢያ 15፤ ሊፍት 12፤ የውኃ ፓምፕ 11። የኦክስጅን ማምረቻው ኮምፕረሰር ባለ 37 ኪሎ ዋት ሞተር ሲሆን ከመስመር 40 ይስባል። ድምሩ 145። ሌሊት ወደ 50 ይወርዳል።

የተከላ ሥራ ተቋራጭ
145 ኪሎ ዋትን ለፓወር ፋክተሩ 0.8 አካፍሉት፣ 181 ኬቪኤ ይመጣል። 200 ኬቪኤ ይበቃል። ኮምፕረሰሩ በስታር ተነስቶ ወደ ዴልታ የሚቀየር ስታር ዴልታ ስለሆነ የመነሻ ከረንቱ አንድ ሦስተኛ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር አይታየኝም።

የኤሌክትሪክ ዲዛይን መሐንዲስ
የስታር ዴልታው ነገር ልክ ነዎት፣ ግን ከፍታውን ዘለሉት። ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ኦልተርኔተር ከ1,000 ሜትር በላይ በየ500 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ እዚህ 8 በመቶ ይሆናል። የሚያሽከረክረው የናፍጣ ሞተር ከዚያ የሚብስ ነው። አቅራቢዎች በላኩልን ሠንጠረዥ 12 በመቶ ተቀንሷል። የ200 ኬቪኤው 160 ኪሎ ዋት ወደ 141 ወረደ ማለት ነው፤ ገና ምንም ሳይነሳ ከ145 በታች ሆነ። 200 ከዚህ ይውጣ።

ተቋራጭ
ተቀብያለሁ። እንግዲያው 350 ይገዛና እንገላገል።

የጄነሬተር ጥገና ባለሙያ
ኧረ አይሆንም ወንድሜ። 350ው ከከፍታው ቅናሽ በኋላ 246 ኪሎ ዋት ነው፤ የሌሊቱ 50 ደግሞ የዚያ 20 በመቶ ብቻ። ከ30 በመቶ በታች ሲሠራ የሚያድር ናፍጣ ሞተር ሙቀቱ አይሞላም፤ ያልተቃጠለ ናፍጣና ካርቦን ጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል። በመጋጠሚያው በኩል ጥቁር ቅባት ሲንጠባጠብ ካያችሁ እሱ ነው። ያ ሞተር ትልቅ ጭነት ሲጣልበት በቶሎ አይነሳም፤ አቅም ጨምረን የመቀበል ችሎታውን ቀነስን ማለት ነው። 250ው 176 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ ቀን 82 በመቶ፣ ሌሊት 28። ሌሊቱ እሱም ትንሽ ያንሳል፣ ግን በየወሩ በሙሉ ጭነት በመሞከር ይጸዳል።

ዲዛይን መሐንዲስ
250 ላይ እንቁምና ኮምፕረሰሩን እንየው። ሙሉ ጭነቱ ወደ 67 አምፔር ነው። በቀጥታ ቢነሳ 6.5 እጥፍ ይስባል፤ 436 አምፔር፣ 302 ኬቪኤ መሆኑ ነው። የኦልተርኔተሩ ትራንዚየንት ሪአክታንስ 0.2 ከሆነ የቮልቴጁ መውደቅ በግርድፉ፦

```
302 / (302 + 250/0.2) = 0.195
```

20 በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በስታር ግን 101 ኬቪኤ ብቻ ስለሆነ ወደ 7.5 በመቶ ይወርዳል።

ተቋራጭ
20 በመቶ እኮ የጂ2 ደረጃ ይፈቅዳል። ስታር ዴልታውም ቢቀር ምን ይሆናል?

ዲዛይን መሐንዲስ
ጂ2 ስለ ጄነሬተሩ ነው የሚናገረው፣ ከኋላው ስላለው ኮንታክተር፣ ጭነቱን ስለሚያገናኘውና ስለሚያቋርጠው ማብሪያ፣ አይናገርም። ኮንታክተር ከ85 በመቶ ቮልቴጅ በላይ በአስተማማኝ ይያዛል፤ ከ75 በታች ሊለቅ ይችላል። ያ መሃል ያለው ነው የሚያስቸግረው። ሲለቅ ማራገቢያው ይጠፋል፣ ቮልቴጁ ሲመለስ እንደገና ይያዛል፣ ሌላ የመነሻ ጭነት ይመጣል። ስለዚህ ሰነዱ ላይ ከ15 በመቶ አይበልጥም ብለን እንጻፍ።

የጤና ጣቢያ ቴክኒሻን
ይቅርታ ካቋረጥኩ። እኛ ጋ 30 ኬቪኤ አለ፤ የጉድጓድ ፓምፑ ሲነሳ ኮንታክተሩ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አምፖሉም ይደበዝዛል። ጄነሬተሩን እንቀይር ወይስ ኮንታክተሩን?

ጥገና ባለሙያ
በመጀመሪያ ጆሮህን ስጠው። አምፖሉ ሲደበዝዝ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ችግሩ ኦልተርኔተሩና ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ኤቪአር ጋ ነው፤ ሶፍት ስታርተር ሊበቃህ ይችላል። ድምፁ ወርዶ ጥቁር ጭስ ከተፋ ግን ኃይል ያጠረው ሞተሩ ነው፤ የናፍጣና የአየር ማጣሪያውን አይተህ፣ ካልተሻለ ጭነቱን በየተራ አስነሳ። ሁለቱ ይደባለቃሉም፦ ፍጥነቱ ሲወርድ ኤቪአሩ ሆን ብሎ ቮልቴጁን ይቀንሳል፣ ሞተሩ እፎይ እንዲል።

ዲዛይን መሐንዲስ
ይህ ለእኛም ይሠራል። ቱርቦው እስኪሽከረከር ድረስ ሞተሩ የሚተነፍሰው የአዲስ አበባን ስስ አየር ነው። ስለዚህ አቅራቢውን የምንጠይቀው «በአንድ ጊዜ ስንት በመቶ ትቀበላለህ?» ብቻ አይደለም፤ «በ2,400 ሜትር ላይ፣ ከ55 ኪሎ ዋት በኋላ፣ የኮምፕረሰሩ መነሻ ሲታከል ቮልቴጁና ፍሪኩዌንሲው ስንት ይወርዳሉ?» ብለን ነው። መልሱ በስሌት ወረቀት ይምጣ።

አሜሪካ ያለ አባል
እኛ ጋ የመጠባበቂያ ኃይል ደረጃው፣ ኤንኤፍፒኤ 110፣ በ10 ሴኮንድ ይላል። ሁሉም ጭነት በ10 ሴኮንድ መመለስ ካለበት በየተራ ማስነሳቱ አይከለከልም?

ዲዛይን መሐንዲስ
10 ሴኮንዱ ለሕይወት አድኑና ለወሳኙ ጭነት ነው፤ ለእኛ 55ቱ ማለት ነው። ኮምፕረሰር፣ ሊፍትና የውኃ ፓምፕ እናንተም ጋ በመዘግየት ነው የሚገቡት። የኛ ቅደም ተከተል ረቂቅ፦ 55ቱ መጀመሪያ፤ ከ10 ሴኮንድ በኋላ ቫኪዩም፤ ከ20 በኋላ ማራገቢያ፤ ከ40 በኋላ ኮምፕረሰር፤ ቀጥሎ ሊፍትና ፓምፕ።

የባዮሜዲካል ባለሙያ
40 ሴኮንድ ለኮምፕረሰሩ አልወደድኩትም። የስክሩ ኮምፕረሰር መብራት ሲሄድ የዘይት መለያ ገንዳው ውስጥ ግፊት ይዞ ነው የሚቆመው። ግፊቱ በማስወጫው ቫልቭ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ቀድሞ ከተነሳ የስታሩ አንድ ሦስተኛ ጉልበት ግፊቱን አያሸንፍም፤ ሞተሩ ግማሽ ፍጥነት ላይ ተንጠልጥሎ ታይመሩ ወደ ዴልታ ይቀይረዋል፤ ያን ጊዜ ከረንቱ በቀጥታ እንደተነሳ ያህል ይዘላል። ኢንጂነሯ ያሰሉት 7.5 በመቶ እዚያ ላይ አይሠራም።

ዲዛይን መሐንዲስ
እውነት ነው፣ ያን አላሰብኩትም። መዘግየቱ ስንት ይሁን?

ባዮሜዲካል
የአምራቹ መመሪያ ይወስነው፤ እኔ ከ90 ሴኮንድ በታች አልልም። በዚያ መሃል ሕሙማኑን የሚይዘው የኦክስጅን ማጠራቀሚያና ተጠባባቂ ሲሊንደር ነው፤ ማቀያየሪያው መሥራቱም ሰነዱ ላይ ይግባ። መዘግየቱ የኮምፕረሰሩ መቆጣጠሪያ ላይ ይሁን፤ ጄነሬተር ባይኖርም ያስፈልጋል።

ጥገና ባለሙያ
እኔ ጄነሬተር ቦርዱ ላይ ይሁን ባይ ነኝ። የኮምፕረሰር መቆጣጠሪያ ሲቀየር ቅንብሩን የሚያስታውስ የለም።

ተቋራጭ
ለምን ኢንቨርተር አንገጥምለትም? የመነሻው ነገር ያበቃል።

ዲዛይን መሐንዲስ
መነሻው ያበቃል፣ የሞገዱን ቅርጽ የሚያበላሽ ሃርሞኒክ ይመጣል፤ ከዩፒኤሱ ጋር ተደምሮ ኤቪአሩን ሊያደናግር ይችላል። ሶፍት ስታርተር ከረንቱን በ3 እጥፍ ቢገድብ 139 ኬቪኤ ነው፤ ውድቀቱ 10 በመቶ፣ የዴልታው ዝላይም የለም። ግን ባዶውን ካልተነሳ እሱም ይቸገራል።

አስተባባሪ
አንቀጽ 4 እንዲህ ይግባ፦ 250 ኬቪኤ፣ ራሱን በቻለ ማግኔት የሚመገብ ኤክሳይቴሽን ያለው፤ ውድቀቱ ከ15 በመቶ ያልበለጠ፤ ኮምፕረሰሩ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ዘግይቶ። ታይመሩ የት እንደሚሆንና ሶፍት ስታርተር ወይስ ስታር ዴልታ የሚለው ክፍት ይቆይ፤ ዋጋውን ተቋራጩ ያምጡልን።

ጥገና ባለሙያ
ርክክቡ ላይ አንድ ጨምሩ፦ ሙከራው ኮምፕረሰሩ ሲሠራ ዋናውን መስመር በመቁረጥ ይሁን፣ ቮልቴጁና ፍሪኩዌንሲው በመቅረጫ መሣሪያ ይያዝ። በክላምፕ ሜትር የግማሽ ሴኮንድ ውድቀት አይታይም።

ተቋራጭ
መቅረጫውን ማን ያመጣል? ለእኔ ካላችሁ ዋጋው ውስጥ ላስገባው።